8 ወይስ 16?

ለፕሮግራሚንግ ጀማሪዎች በሚሰጥ የመልመጃ ወረቀት ላይ «ይህ ኮድ ምን ያትማል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ኮምፒውተር መክፈት አይፈቀድም፤ መሣሪያው እርሳስ ነው። በፓይተን የተጻፉትን እነዚህን ሰባት መስመሮች እንይ፦

```python
s = 0
for i in range(1, 5):
    if i % 2 == 0:
        s = s + i
    else:
        s = s * 2
print(s)
```

`i % 2` ማለት `i` ለ2 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው፤ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው። ይህን ያየ ችኩል ተማሪ «ተጋማሾቹን ይደምራል» ብሎ ይደመድምና 2 እና 4ን ደምሮ 6 ብሎ ይጽፋል። ኮዱ ምን ሊሠራ እንደታሰበ መገመትና የሚሠራውን መከተል ግን ለየቅል ናቸው።

አስተማማኙ መንገድ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሁለት ዓምድ ማስመር ነው፤ አንዱ ለ`i`፣ ሌላው ለ`s`። `range(1, 5)` ከ1 ተነስቶ 5 ላይ ሳይደርስ ይቆማል። የመጨረሻው ቁጥር መቅረቱ ጀማሪን ግር ቢያሰኝም ጥቅም አለው፤ ከ5 ላይ 1 ሲቀነስ ዙሩ አራት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

በመጀመሪያው ዙር `i` 1 ነው። ኢተጋማሽ ስለሆነ `else` ይሠራል፤ 0 በ2 ሲባዛ ያው 0። ለውጥ የለም ብሎ መዝለል ያጓጓል፤ ቢሆንም ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ዙር በኋላ ቆጠራን ያፋልሳል። `i` 2 ሲሆን `s = s + i` ይደርሳል። በአልጀብራ ዓይን ይህ እኩልነት የሚሠራው `i` ዜሮ ከሆነ ብቻ ነው። በፓይተን ግን ትእዛዝ ነው፦ መጀመሪያ ቀኙን አስላ፣ ከዚያ ውጤቱን በግራ ላለው ስም ስጥ። 0 ሲደመር 2 ስለሆነ 0 ይሰረዝና 2 ይጻፋል። በሦስተኛው ዙር 2 እጥፍ ሆኖ 4፤ በአራተኛው 4 ሲደመር 4፣ 8።

`print` ወደ ውስጥ ስላልገባ ከዙሩ ውጭ ነው፤ አንዴ ብቻ 8 ያትማል።

የተሳሳተ መልስም ለመምህሩ ብዙ ይናገራል። 16 የጻፈ ተማሪ 5ንም ቆጥሮ 8ን አንዴ አጥፏል። 24 የጻፈው ደግሞ `else` በየዙሩ የሚሠራ መስሎት፣ በተጋማሾቹም ላይ ከደመረ በኋላ አባዝቷል።

የ`print` ቦታስ? አራት ክፍተት ወደ ውስጥ ቢገባ በየዙሩ ይሠራና 0፣ 2፣ 4 እና 8 በአራት መስመር ይታተማሉ። ስምንት ክፍተት ቢገባ ግን በ`else` ሥር ይውላል፤ ያኔ የሚያትመው በኢተጋማሾቹ ዙሮች ብቻ ስለሆነ 0 እና 4 ይወጣሉ፤ 8 ስክሪኑ ላይ ጨርሶ አይታይም።