ማታ ደኅና የነበረ የደም ስኳር ጠዋት ለምን ከፍ ይላል? ሌሊቱን በመለካት መንስኤውን መለየት

ማታ ከመኝታ በፊት የተለካው የደም ስኳር 148 ነበር። ሌሊቱን ምንም አልተበላም። ጠዋት ግን መለኪያው 204 ያሳያል።

ይህ ብዙ የስኳር ሕመምተኞችን ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። አንዳንዶች እራታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ የማታውን ኢንሱሊን በራሳቸው ይጨምራሉ። ችግሩ ተመሳሳይ የጠዋት ቁጥር ከተለያዩ መንስኤዎች ሊመጣ መቻሉ ነው። ኢንሱሊን መጨመር ለአንዱ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ግን ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

የጠዋቱ ቁጥር ብቻውን መልስ አይሰጥም። መልሱ ያለው ሌሊቱ ውስጥ ነው።

የንጋት ክስተት

ሊነጋ ሲል፣ በግምት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ፣ ሰውነት ለመንቃት ይዘጋጃል። እንደ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ያሉ ንጥረ ነገሮች መጠናቸው ይጨምራል። እነዚህ ሆርሞኖች ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፤ የኢንሱሊንንም ጉልበት ያዳክማሉ።

ይህ በጤነኛ ሰው ላይም ይከሰታል። ነገር ግን የጤነኛ ሰው ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን በማመንጨት ጭማሪውን ያመጣጥነዋል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ይህ ስለማይሆን ስኳሩ እየጨመረ ይነጋል። ባለሙያዎች ይህንን "የንጋት ክስተት" ይሉታል። ኢንሱሊን የሚወስዱም ሆኑ ክኒን ብቻ የሚጠቀሙ ሕመምተኞች ላይ ይታያል።

ከሌሊት መውረድ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ

ሁለተኛው ማብራሪያ ተቃራኒ መነሻ አለው። የደም ስኳር ሌሊት ላይ ከመጠን በላይ ሲወርድ ሰውነት ራሱን ለማዳን እንደ አድሬናሊንና ግሉካጎን ያሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ጉበትም ስኳር ያወጣል። በዚህ የተነሳ ሌሊት የወረደው ስኳር ጠዋት ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሐሳቡን እ.አ.አ. በ1930ዎቹ ያቀረበው በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሃንጋሪ ተወላጅ ኬሚስት ማይክል ሶሞጂ በመሆኑ ክስተቱ በስሙ ይጠራል።

ይህ በዋናነት የሚያሰጋው ኢንሱሊን የሚወስዱትን፣ እንዲሁም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ስኳርን አብዝተው ሊያወርዱ የሚችሉ ክኒኖችን የሚጠቀሙትን ነው።

በላብ ርሶ መንቃት፣ ቅዠት እና የጠዋት ራስ ምታት ሌሊት ስኳር መውረዱን ሊጠቁሙ ይችላሉ። ሆኖም ምንም ሳይሰማው ሌሊቱን ተኝቶ የሚያድር ሰው ስላለ፣ ምልክት አለመኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

አንድ ምሳሌ

አንዲት የ52 ዓመት መምህርት አሉ እንበል። ኤንፒኤች የተባለውን፣ ሲነቀነቅ ወተት የሚመስለውን ኢንሱሊን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከእራት ጋር 20 ዩኒት ይወጋሉ። ለአንድ ሳምንት ያህል የጠዋት ስኳራቸው ከ200 አልወርድ ብሏል። ወደ 24 ዩኒት ከፍ ለማድረግ አስበዋል።

ይሁን እንጂ ይህ የኢንሱሊን ዓይነት ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓታት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ መምህርቷ ተኝተው ሳሉ ኃይሉ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ የንጋት ሆርሞኖች በሚነሡበት ጊዜ ደግሞ እየደከመ ይሄዳል።

መምህርቷ መጠኑን ከመጨመራቸው በፊት ሌሊቱን ለመለካት ወሰኑ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 148 ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በስልክ ደወል ነቅተው ሲለኩ 61 ሆኖ አገኙት።

ከ70 በታች የሆነ ቁጥር እስኪነጋ አይጠበቅም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲለኩ 84 ደርሷል። ጠዋት ላይ 190 ሆነ። ሌሊት ስኳር ስለጠጡ የዚያን ዕለት የጠዋት ቁጥር ለንጽጽር አይሆንም። ዋናው ግኝት 61 ነው። ሌላ ሌሊት ሳይጠብቁ በማግስቱ ሐኪማቸውን አማከሩ።

የታሰበው 4 ዩኒት ቢጨመር ኖሮ 61 የነበረው ቁጥር ይበልጥ ይወርድ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪም መጠኑን ሊቀንስ፣ ወይም መርፌውን ከእራት ሰዓት ወደ መኝታ ሰዓት ሊያዛውረው ይችላል። መዛወሩ የኢንሱሊኑን ብርታት ከእኩለ ሌሊት ወደ ንጋት ስለሚያቀርበው ለንጋት ክስተትም ይረዳል።

ቁጥሮቹ ሌላ ቢሆኑስ?

ማታ 148፣ ሌሊት 144፣ ጠዋት 204 ቢሆን ኖሮ ስኳሩ የጨመረው ወደ ንጋት ገደማ ነው ማለት ነው፤ ይህ የንጋት ክስተትን ይጠቁማል። ማታ 148፣ ሌሊት 178፣ ጠዋት 204 ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ መጨመሩ የኢንሱሊኑን ማነስ ወይም ቶሎ ማለቅ ያመለክታል። ማታ 235፣ ሌሊት 228፣ ጠዋት 221 ከሆነ ችግሩ የጀመረው ከመኝታ በፊት ስለሆነ መታየት ያለበት እራቱና የእራት ሰዓት መድኃኒቱ ነው።

አለካኩ

በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ይለካል፦ ከመኝታ በፊት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እና ጠዋት ከመብላት በፊት። ስኳሩ ካልወረደ ይህንኑ በሦስት ሌሊቶች መድገም የተሻለ ሥዕል ይሰጣል። ሌሊቶቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ለዚህ 9 ስትሪፕ ይበቃል። የስትሪፕ ዋጋ ለሚከብደው ሰው ከሁሉ በፊት ሊቀር የማይገባው የሌሊቱ ልኬት ነው።

ፍራፍሬ የነካ ጣት ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ስለሚያደርግ እጅ መታጠብ አለበት። አንዳንድ መለኪያዎች ከሌሊቱ 9 ሰዓትን 3:00 ብለው ስለሚመዘግቡ በማስታወሻ ላይ የትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደተጻፈ ለሐኪሙ ግልጽ መሆን ይኖርበታል። እዚህ የተጠቀሱት ቁጥሮች በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው። መለኪያው እንደ 8.2 ያለ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ በሚሊ ሞል ስለሚለካ ቁጥሩን በ18 ማባዛት ያስፈልጋል።

ዘዴው ወሰን አለው። 9 ሰዓት ላይ የተለካ ቁጥር 7 ሰዓት ላይ የነበረን መውረድ ላያሳይ ይችላል። ክንድ ላይ የሚለጠፉ ተከታታይ መለኪያዎች ሌሊቱን ሙሉ ያሳያሉ፤ ነገር ግን በተለጠፉበት ክንድ ላይ ሲተኛ የሌለ መውረድ ሊያሳዩ ስለሚችሉ በጣት ማረጋገጥ ይመከራል።

በእነዚህ መሣሪያዎች የተደረጉ ጥናቶች የሶሞጂን ሐሳብ አጠያያቂ አድርገውታል። ስኳር ሌሊት ከወረደ በኋላ ጠዋትም ዝቅ ብሎ መገኘቱ ይበልጥ የተለመደ ሆኖ ታይቷል። በመሆኑም አብዛኛው የጠዋት ጭማሪ የሚመጣው ከንጋት ክስተት ወይም ከመድኃኒት ማነስ ነው።

ይህ ግን ሌሊት መለካትን አላስፈላጊ አያደርገውም። የመምህርቷ የጠዋት ጭማሪ በሶሞጂ ሐሳብ ተብራራም አልተብራራ፣ ሌሊት 61 መድረሱ አልተለወጠም። የሌሊቱ ልኬት ቀዳሚ ሥራ ለጭማሪው ስም ማውጣት ሳይሆን፣ የማታው ኢንሱሊን ከመጨመሩ በፊት ስኳሩ ሌሊት አለመውረዱን ማረጋገጥ ነው።