አዲስ አበባ ወይስ ደብረ ብርሃን?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዩኒቨርሲቲ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና የቢራ ፋብሪካዎች ስላሏት፣ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ወጣት ሥራ ፍለጋ የግድ ከተማዋን መልቀቅ የለበትም። ጥያቄው የሚነሳው አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ስታቀርብ ነው።

ለምሳሌ በትውልድ ከተማው 12 ሺህ፣ በመዲናዋ ደግሞ 18 ሺህ ብር የተጣራ ደመወዝ ቀረበለት እንበል። አዲስ አበባ ላይ ለአንዲት ክፍል 7 ሺህ፣ ለትራንስፖርት 2 ሺህ ቢከፍል 9 ሺህ ይቀረዋል። ደብረ ብርሃን ከወላጆቹ ጋር እየኖረ ለቤት ወጪ 3 ሺህ ቢያዋጣም የሚተርፈው ያው 9 ሺህ ነው። የ6 ሺህ ብር ብልጫው መንገድ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ሚዛኑን የሚደፋው የዕድገት መሰላሉ ነው። የአብዛኞቹ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ቅርንጫፍ ላይ የሚሠራ ሰው ከሥራ አስኪያጅነት በላይ ለማደግ ብዙውን ጊዜ መዛወር ይኖርበታል። ፋብሪካ ውስጥ ግን የሒሳብ ክፍሉ እዚያው ከሆነ፣ ጀማሪው ደመወዝ ከመሥራት አንስቶ የምርት ወጪ ስሌትንና ግብርን በአንድ ጣሪያ ሥር ይማራል።

ከመፈረም በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይበጃል፦ ከዚህ ቀደም በዚሁ የሥራ መደብ ላይ የነበረው ሰው አሁን የት ደረሰ?