የተደገፈ መሰላል የሚንሸራተተው መቼ ነው?

ለስላሳ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል እግሩ እንዳይሸሽ የሚይዘው የወለሉ ሰበቃ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ለስላሳ የሚባለው ምንም ሰበቃ እንደሌለው የሚታሰብ ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ መሰላሉን በአግድም ይገፋዋል እንጂ ወደ ላይ ደግፎ አይዘውም።

ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ክብደቱ 200 ኒውተን (20 ኪሎ ገደማ) የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ መሰላል እንውሰድ። እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ከራቀ፣ አናቱ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ያርፋል። ክብደቱን በሙሉ የሚሸከመው ወለሉ ስለሆነ፣ ወለሉም በ200 ኒውተን ወደ ላይ ይገፋዋል። በአግድም በኩል ደግሞ የእግሩ ሰበቃ ከግድግዳው ግፊት ጋር እኩል መሆን አለበት። ችግሩ ሁለቱም አለመታወቃቸው ነው።

መፍትሔው ቶርክን፣ ማለትም አንድ ጉልበት ዕቃን የማዞር አቅሙን፣ ከመሰላሉ እግር ተነስቶ መለካት ነው። የወለሉ ግፊትና ሰበቃው ሁለቱም በእግሩ በኩል ስለሚያልፉ እዚያ ነጥብ ላይ ምንም ቶርክ የላቸውም፤ ከስሌቱ ይወጣሉ። የቀሩት ሁለት ናቸው። ክብደቱ የሚያርፈው በመሰላሉ መሃል ሲሆን፣ ይህም ከእግሩ በአግድም 1.5 ሜትር ይርቃል። የግድግዳው ግፊት ደግሞ ከእግሩ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ 200 × 1.5 = ግፊቱ × 4 ይሆናል፤ ግፊቱም 75 ኒውተን ነው። ሰበቃውም ያንኑ ያህል ነው። 75 ለ200 ሲካፈል 0.375 ይመጣል። ከዚህ ያነሰ የሰበቃ ቁጥር ያለው ወለል መሰላሉን አይዘውም። ክብደቱ በስሌቱ ስለሚጣፋ፣ ከባድም ሆነ ቀላል መሰላል በዚህ አቀማመጥ የሚፈልገው ቁጥር አንድ ነው።

ሰው ሲወጣበት ግን ነገሩ ይለወጣል። 600 ኒውተን የሚመዝን ሠራተኛ ከመሃል በታች ሳለ እንዲያውም መሰላሉን ያረጋጋዋል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ያው 0.375 ነው። አናቱ ላይ ሲቆም ቶርኩ 300 + 1800 = 2100 ይሆናል፤ የግድግዳው ግፊት 525 ኒውተን ይደርሳል፣ ወለሉ የሚሸከመው ደግሞ 800 ነው። የሚያስፈልገው የሰበቃ ቁጥር ወደ 0.66 ያድጋል። የወለሉ ቁጥር 0.5 ብቻ ቢሆን ሰበቃው ከ400 ኒውተን አያልፍም፤ ሠራተኛው በመሰላሉ ላይ 3.6 ሜትር ያህል እንደወጣ እግሩ መሸሽ ይጀምራል። ባዶውን መሰላል ነቅንቆ መፈተን የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

በተግባር የሚመከረው እግሩን ከግድግዳው በመሰላሉ ርዝመት ሩብ ያህል ማራቅ ነው። ለዚህ መሰላል 1.25 ሜትር ይሆናል፤ ያው ሠራተኛ አናቱ ላይ ቢቆምም የሚያስፈልገው ቁጥር 0.23 ገደማ ነው።