የአያታችን ጎራዴና አራት ወረቀቶች

«ጉዳዩ፦ የአያታችንን ጎራዴ ከነሰነዶቹ ለሙዚየም ማበርከትን ይመለከታል።» ደብዳቤው የሚጀምረው እንዲህ ነው። የጻፉት ስድስት ወንድምና እኅት ሲሆኑ፣ ለከተማቸው ሙዚየም ከመላካቸው በፊት እንዳየው ሰጡኝ። ከሰላምታና ከምስጋና በቀር ረቂቁ የያዘው ቁም ነገር አንድ ነበር፦ «አያታችን አድዋ የዘመቱበት ጎራዴ ነው።»

ጎራዴውን ራሱን ለማየት ቤታቸው ሄድኩ። እጀታው የቀንድ ነው፤ ከመጨበጥ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበት ቀለበት አንድ ጎኑ ተሸርፏል። ብረቱን ወደ መስኮቱ አዘንበል አድርገን ስናየው፣ ከእጀታው አንድ ስንዝር ያህል ወረድ ብሎ ዘውድ የጫነ አንበሳ፣ ከሥሩም «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ታየን።

አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፤ ከድሉ 34 ዓመት ካለፈ በኋላ። ይህ ጽሑፍ ያለበት ብረት አድዋ ሊውል አይችልም። ታላቅ እኅታቸው ዝም አሉ፤ ከዚያም «ታዲያ አባታችን ዋሽቶናል?» አሉኝ።

አልዋሹም። በዚያ ዘመን አገራችን ይገባ የነበረው የጎራዴ ብረት ብዙው አውሮፓ ውስጥ፣ ለምሳሌ በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የተሠራ ነበር፤ እጀታና አፎት የሚበጅለት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ነው። ብረቱ ሲሰበር የድሮውን እጀታ ነቅሎ በአዲስ ብረት ላይ መግጠምም ይቻላል። ስለዚህ እጀታው ከብረቱ ሊቀድም ይችላል። የቅድመ አያት ታሪክ በልጅ ልጆች አፍ ወደ አያት መሸጋገሩም የተለመደ ነው።

ወደ ወረቀቶቹ ተመለስን። አራት ናቸው፦ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የተሰጠ የአርበኝነት ሜዳልያ ምስክር ወረቀት፣ ሁለት የግብር ደረሰኞችና አንድ ፎቶግራፍ። ምስክር ወረቀቱ የአያትየውን ስም ይናገራል እንጂ ስለ ጎራዴው አንድም ቃል የለውም። ደረሰኞቹም የት ቀበሌ ይኖሩ እንደነበር ብቻ ያሳያሉ። ፎቶግራፉ ላይ ግን አያትየው ጎራዴውን ታጥቀው ቆመዋል፤ በማጉያ መነጽር ስናየው የቀለበቱ ሽራፊ እዚያው ቦታ ላይ አለ። ሰውየውንና ጎራዴውን የሚያገናኘው ማስረጃ ያ ሽራፊ ነው። ቤተሰቡ ፎቶውን ለራሱ አስቀርቶ ጎራዴውን ብቻ ሊሰጥ አስቦ ነበር። ያን ቢያደርጉ ኖሮ ሙዚየሙ የሚረከበው ባለቤቱ የማይታወቅ ብረት ይሆን ነበር።

አንድ ያሳዘነኝን ነገር ልናገር። የብረቱ ሌላኛው ገጽ ወለል ብሎ ያበራል። ከልጆቹ አንዱ «ለሙዚየም ሲሄድ ይመር» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎታል። በዚያ በኩል ጽሑፍ ነበረ ቢባል አሁን የለም፤ የሚመልሰውም ባለሙያ የለም። ዝገት ያለበትን ጎራዴ ሙዚየም በደስታ ይቀበላል። ቤት ውስጥ ማድረግ የሚገባው በደረቅና በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት፣ በባዶ እጅ ብረቱን አለመንካት፣ ከአፎቱም አውጥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የአፎቱ ቆዳ እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። የተቀደደ ወረቀትም በፕላስተር አይጣበቅም፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የማን ነው የሚለው ነበር። ጎራዴው ያለው በታላቅ እኅታቸው ቤት ቢሆንም ውርሱ የስድስቱም ነው፤ ስለዚህ ስድስቱም መፈረም ነበረባቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት እንዲቆይ ይፈቅዳል። ግን ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ይህ በደብዳቤው ካልተለየ ከሃያ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ መጥቶ «መልሱልን» ሲል ጠብ ይነሣል። እነርሱ ስጦታን መረጡ። «ሁልጊዜ ለእይታ ይቀመጥልን» የሚለውን ግን አስወጣሁባቸው፤ ይህን ቃል የሚሰጥ ሙዚየም ቃሉን መጠበቅ አይችልም። በምትኩ የወረቀቶቹን ቅጂና የተመዘገበበትን ቁጥር ጠየቁ።

አዲሱ ደብዳቤ የአድዋውን ነገር እንዲህ አስቀመጠው፦ «በቤተሰባችን ሲነገር የኖረው ጎራዴው አድዋ እንደዋለ ነው። ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑን ያሳያል። እጀታው ከዚያ ይቅደም አይቅደም አናውቅም። አንደኛውን ገጽ እኛው ፈግፍገነዋል።»

ደብዳቤው፣ ከማስመሪያ ጋር የተነሡ የጎራዴው ፎቶዎችና የአራቱ ወረቀቶች ቅጂ ተልከዋል። ጎራዴው መልሱ እስኪመጣ እቤት ነው። እናንተም ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ፣ ብረቱን ከመወልወላችሁ በፊት ወረቀቶቹን ፈልጉ።