ጣሪያው ወዴት ያጋድላል? የቱላ የእንጨት ትራሶች ዳሰሳ

ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል፣ ሐዋሳም ርእሰ ከተማው ከሆነች ወዲህ ከተማዋ በዲላ መንገድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቱላ እየሰፋች ነው። ድሮ እንሰትና ቡና በነበረበት ጓሮ ላይ ብሎኬት ቤት ይቆማል። ብዙው ሰው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሴራሚኩና ስለ በሩ ሲጨነቅ ይውላል፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው እንጨት ግን ለአናጺው ይተዋል። ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም። ይህን ዳሰሳ ያጻፈኝም በቶሎ የሚሸፈነው ይህ እንጨት ነው።

የሲዳማ ነባር ቤት በቀርከሃ ተጠልፎ የሚቆም ክብ ቤት ነው። ጭነቱ ዙሪያውን ስለሚከፋፈልና ስለሚተሳሰር እዚህ የምናነሳው የማጋደል ችግር ብዙም አይነካውም። ብረት ትራስም የራሱ ገበያ ስላለው አልፈዋለሁ። ቱላ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ባለሁለት ክንፍ ጣሪያ ነው፤ የሚሠራውም ከባሕር ዛፍ አጣና ነው። በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ልክ ለወራጁና ለታችኛው አግዳሚ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ለቋሚውና ለሰያፉ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነው። ትራሶቹ በየ1.5 ሜትር ይቆማሉ፤ በላያቸው 5 በ7 ሞራሌ በየ90 ሳንቲ ሜትር ፐርሊን ሆኖ ይመታል።

አንድ ቤት እንውሰድ፤ ወርዱ 7 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር። 7 ሜትር በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃን በምድብ “ሀ” ሲያስቀምጥ የተጠቀመው የተሸካሚዎች ርቀት ነው። የትራሱ ከፍታ 1.5 ሜትር ቢሆን ወራጁ ከግድግዳ እስከ አናት 3.8 ሜትር ይመጣል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ሲጨመርበት ወደ 4.5 ሜትር ይጠጋል። ታችኛው አግዳሚ ግን ሙሉ 7 ሜትር ነው። ይህን ያህል ረዝሞ በቀጭን ጫፉም 12 ሳንቲ ሜትር የሚሞላ ቀጥ ያለ አጣና ማግኘት ስለሚያስቸግር አናጺው ይቀጥላል። አግዳሚው ወራጆቹ ወደ ውጭ እንዳይከፈቱ የሚስብ እንጨት ነው። ስለዚህ መቀጠያው በሁለት ጎን ረጃጅም ደጋፊ እንጨት ተለጥፎበት በብዙ ሚስማር ካልተያዘ ይንሸራተታል። የመንሸራተቱ ምልክት የሚታየው ግድግዳው ላይ ነው፤ ከቶፕ ታይ ቢሙ ሥር አግድም ስንጥቅ ይወጣል።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። 10 ሜትሩን ለሰባት ብንከፍለው ትራሶቹ በየ1.43 ሜትር ይቆማሉ፤ ስምንት ትራስ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ወጪ ለመቀነስ በየ2 ሜትር ይሁን ካለ ስድስት ይበቃል። ሁለት ትራስ ተረፈ ማለት ነው፤ እንጨት ሲወደድ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዳሩ ግን ፐርሊኑ ያው 5 በ7 ነው። ርቀቱ ከ1.43 ወደ 2 ሜትር ሲሰፋ በፐርሊኑ ላይ ያለው የመታጠፍ ጫና በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ መሐሉ የሚረግበው መጠን ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከሁለት ክረምት በኋላ ቆርቆሮው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ሲል የምናየው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ዋናው ክርክሬ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ጣሪያን ወደ ታች እንደሚወድቅ ዕቃ ያስበዋል፤ ነፋስ ግን ወደ ላይ ያነሣዋል። የአገራችን የግንባታ ኮድ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለንድፍ መነሻ ያደረገው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነው። በሐዋሳ ከፍታ ላይ ይህ በካሬ ሜትር ወደ 24 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል፤ ገላጣ ሜዳ ላይና በክፈፍ ጠርዝ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ቆርቆሮው፣ ሞራሌውና ትራሱ ተደምረው በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ቢመዝኑ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲበረታ የቱላ ጣሪያ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ካልተነሣ ደግሞ በርዝመቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ወደ ላይ እንዳይነሣ ከቶፕ ታይ ቢሙ ተርፎ የወጣ ፌሮ በትራሱ ላይ ይታጠፋል፤ ይህን ደህና አናጺ ሁሉ ያውቀዋል። እንዳያጋድል የሚይዘው ሰያፍ ማጠንከሪያ ግን ከብዙ ቤት ላይ ይቀራል።

ስምንት ትራስ ቆሞ በፐርሊን ብቻ ሲያያዝ፣ እያንዳንዱ ፐርሊንና ወራጅ የሚፈጥሩት ቅርጽ አራት ማዕዘን ነው። አራት ማዕዘን በሚስማር ብቻ ተይዞ ቅርጹን አይጠብቅም፤ ከጎኑ ሲገፉት ይጣመማል። አንዱ ትራስ ካጋደለ ፐርሊኑ ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል፤ የስምንቱ መብዛት አያድንም። “ቆርቆሮው ራሱ ያጠነክረዋል” የሚሉ አናጺዎች አሉ፤ ንግግራቸው መሠረት የለውም አልልም። ጥሩ የተመታ ቆርቆሮ የተወሰነ ጥንካሬ ይሰጣል። ነገር ግን ነፋስ በገፋው ቁጥር የሚስማሩ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጎማውም ይላላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትራሱ ቆሞ ቆርቆሮው ገና ባልተመታበት ሳምንት ምንም የሚይዘው የለም። አደጋው የሚበዛው ያኔ ነው፤ አናጺውም ያኔ ላዩ ላይ ነው።

ለዚህ ቤት የሚበቃው እንዲህ ነው። ከቤቱ ማዕዘን፣ ከክፈፉ ሥር ተነሥቶ በአራተኛው ትራስ አናት ላይ የሚያርፍ ሰያፍ አጣና ከወራጆቹ ሥር ይመታል፤ ርዝመቱ 5.7 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም ክንፍና በሁለቱም ጫፍ ሲሠራ አራት ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ደግሞ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ትራስ የመሐል ቋሚዎች መካከል በመስቀል የሚመቱ ሁለት ሁለት እንጨቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ያህል ናቸው። ሁሉም ሲደመር 31 ሜትር አጣና ይፈልጋል። አንድ ትራስ ራሱ 22 ሜትር ያህል ስለሚበላ፣ የቤቱ ማጠንከሪያ በሙሉ የአንድ ትራስ ተኩል እንጨት ነው። ርቀቱን ወደ 2 ሜትር አስፍቶ ሁለት ትራስ ያተረፈ ባለቤት፣ ቢያንስ ከዚያ ትርፍ ላይ ማጠንከሪያውን አሠርቶ እንጨት ይተርፈው ነበር።

ሌላው የባሕር ዛፍ ጠባይ ነው። በብዛት እርጥብ እንዳለ ይመታል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ሚስማሩም ይላላል። ስለዚህ ወራጁ አግዳሚውን በሚነክስበት ቦታ በመሮ ጥርስ ይቆረጥለታል፤ በላዩም የላሜራ ጥብጣብ ይጠመጠምበታል። ጭነቱን የሚያሳልፈው ጥርሱ እንጂ ሚስማሩ እንዳይሆን ነው። ምስጥና ነቀዝን በተቃጠለ ዘይት ስለ መከላከል የሚባለውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም።

ቀድሞ የተሠራ ቤት ያለው ሰው ኮርኒሱን በአንድ በኩል ከፍቶ በባትሪ ማየት ይችላል። ከትራሱ አናት ቱንቢ ይውረድና አግዳሚው ላይ ምልክት ይደረግ። ከመሐል ቋሚው ግርጌ የራቀው በሌሎች አገሮች በተለመደው ልክ፣ ማለትም የከፍታው አንድ ሃምሳኛ ድረስ፣ ለዚህ ቤት 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ችግር የለም። ከዚያ ካለፈ፣ በተለይ ሁሉም ትራሶች ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ፣ ሰያፉን ለመምታት ቆርቆሮ ማንሣት አያስፈልግም። ከውስጥ፣ ከወራጆቹ ሥር ይመታል። ትራሶቹ ግን በገመድ ተስበው ቀጥ ሳይሉ ከተመታ ያጋደለውን እንዳጋደለ ያስቀረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የጫፉ ትራስ በቱንቢ ይስተካከላል፣ ከዚያም መስቀሉ ይመታል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ይሳባሉ፤ ረጅሙ ሰያፍ የሚመታው በመጨረሻ ነው።