የማያቆም ስምጠት፦ ረግረግ ላይ የተሠራ ቤት ባለቤቱን ለምን ያታልለዋል?

አዲስ የጥጥ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ሁለት ነገር ያያል። መጀመሪያ ሲጋደም ፍራሹ ወዲያው ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን፣ የሰውዬው ክብደት ሳይጨምር፣ ፍራሹ በየወሩ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። ዛሬ የምንነጋገርበት አፈርም ጠባዩ እንዲሁ ነው።

ረግረግ ቦታ ላይ የበቀለው ሣርና ቄጠማ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ አየር ስለማያገኝ በደንብ አይበሰብስም። ለሺህ ዓመታት እየተደራረበ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ጭረት የበዛበት አፈር ይሆናል፤ ይህም ፒት ይባላል። ከመጠኑ አብዛኛው ውኃ ነው። ለምሳሌ ቮይድ ሬሾው 9 ነው ሲባል ከአሥር እጅ ዘጠኙ ክፍተት፣ አንዱ ብቻ ጠጣር ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ አፈር ላይ ጭነት ሲቀመጥ ስምጠቱ በሁለት ምዕራፍ ይመጣል። የመጀመሪያው በክፍል የምንማረው ኮንሶሊዴሽን ነው፤ በክፍተቶቹ ያለው ውኃ በጭነቱ ተገፍቶ ይወጣል፣ አፈሩም ይጨመቃል። ወፍራም የሸክላ አፈር ውኃ ቶሎ ስለማያሳልፍ ይህ ምዕራፍ ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ፒት ግን መጀመሪያ ላይ ውኃ በቀላሉ ስለሚያሳልፍ በሳምንታት ወይም በወራት ያልቃል። ሁለተኛው ምዕራፍ ሴከንደሪ ኮምፕሬሽን ይባላል። የውኃው ግፊት ካለቀ በኋላም የዕፅዋቱ ጭረቶች እየተጣጠፉና እየተንሸራተቱ ይጠጋጋሉ፤ በጭረቶቹ ውስጥ የታሰረው ውኃም ቀስ እያለ ይወጣል። ይህን ለማስጀመር አዲስ ጭነት አያስፈልግም፣ ጊዜ ብቻ ይበቃል።

የመሬት ምሕንድስና መሪ የነበረው ቴርዛጊ ያወጣው የኮንሶሊዴሽን ስሌት ይህንን ሁለተኛ ምዕራፍ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ1936 ስምጠቱ ከጊዜ ሎጋሪዝም ጋር ቀጥ ባለ መስመር እንደሚሄድ ያሳየው የፒት አገር የሆነችው የኔዘርላንድስ ሰው ቡይስማን ነው። ስሌቱ አጭር ነው፦

S = Cα / (1 + e0) × H × log(t2 / t1)

H የአፈሩ ውፍረት ነው። t1 የመጀመሪያው ምዕራፍ ያለቀበት ጊዜ ሲሆን t2 ማወቅ የምንፈልገው ጊዜ ነው፤ ሁለቱም የሚቆጠሩት ጭነቱ ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ነው። Cα የአፈሩ የዝግታ መጠን ነው። መስሪና ጎድሌውስኪ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳዩት፣ Cα ሁልጊዜ ከአፈሩ የመጨመቅ ችሎታ፣ ማለትም ከ Cc ጋር ይሄዳል። ተራ ሸክላ ላይ የ Cc 0.04 ያህል ነው፣ ፒት ላይ ደግሞ 0.06 ያህል። የፒት Cc ራሱ ከተራ ሸክላ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ችግሩ በሁለት በኩል ይበዛል።

አሁን አንድ ቤት እናስብ። ከሥሩ 3 ሜትር ፒት አለ፤ e0 = 9፣ Cc = 4፣ ስለዚህ Cα = 0.24። ተቋራጩ ጥንቁቅ ስለሆነ ክብደቱ ከሚሠራው ቤት ጋር እኩል የሆነ አፈር ቦታው ላይ ከመረ። በሦስት ወር ውስጥ መሬቱ 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰመጠ፤ ከዚያ በኋላ የቆመ መሰለ። አፈሩን አንስቶ ወዲያው ቤቱን ሠራ። ባለቤቱም «መሬቱ ጨርሶ ተቀምጧል» ተብሎ ተረከበ።

ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። 0.24 ለ10 ሲካፈል፣ በ3 ሜትር ሲባዛ 7.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጊዜው አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር ቤቱ 7.2 ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል። ከ3 ወር እስከ 30 ወር 7.2፤ ከ30 ወር እስከ 25 ዓመት ሌላ 7.2። በድምሩ 14.4 ሳንቲ ሜትር።

ባለቤቱን የሚያታልለው የሎጋሪዝም ጠባይ ነው። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ዓመት ስምጠቱ 1.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሃያኛው እስከ ሃያ አንደኛው ዓመት ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህን በዓይን የሚያይ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ «ቆመ» ይባላል፣ በየአሥር ዓመቱ ግን አዲስ ስንጥቅ ይገኛል።

ቤቱ በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ግድግዳው ባልተሰነጠቀ ነበር። ችግሩ ፒት እኩል ውፍረት የሌለው መሆኑ ነው። በቤቱ አንድ ጫፍ 3 ሜትር፣ በሌላው 1 ሜትር ከሆነ የ25 ዓመቱ ስምጠት 14.4 እና 4.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 9.6 ነው። በ12 ሜትር ርዝመት ይህ 1/125 ማለት ሲሆን፣ የብሎኬት ግድግዳ ግን የጎንዮሽ ልዩነቱ 1/300 አካባቢ ሲደርስ መሰንጠቅ ይጀምራል። ውፍረቱ ቀስ በቀስ ከሳሳ ቤቱ ያዘነብላል፤ በድንገት ከሳሳ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

መፍትሔው ከቤቱ ክብደት በላይ መጫን ነው። ተቋራጩ እጥፍ ቢከምር ኖሮ፣ በዚያው ሦስት ወር 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰምጥ ነበር። ይህ ቤቱ በ25 ዓመት ሊደርስበት ከሚችለው ከ44 እና ከ14 ድምር፣ ከ58 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ትርፉ አፈር ሲነሳ ሴከንደሪ ኮምፕሬሽኑ ዘግይቶና በጣም ቀንሶ ይመጣል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ፒቱ ቀጭን ከሆነ ቆፍሮ አውጥቶ በጠጠር መተካት ይቀላል። ፓይል የተመረጠ እንደሆነ ደግሞ ቤቱ ይቆማል፣ ግቢው ግን መስመጡን ይቀጥላል፤ ደረጃው ከበሩ ይለያያል፣ የፍሳሽ ቱቦው ከግድግዳው ሥር ይቆረጣል፣ የሚሰምጠውም አፈር ፓይሉን ይዞ ወደ ታች ይጎትታል።

ስንጥቅ ያየ ሰው ከምን እንደመጣ እንዴት ይለያል? ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ ስንጥቁም ከወቅቱ ጋር ይከፈታል፣ ይጠባል። የፒት ስንጥቅ ግን ወቅት አይጠብቅም፣ እየሰፋ ብቻ ይሄዳል። እርግጠኛ ለመሆን ኮለኖቹ ላይ ምልክት ተደርጎ በሌቭል በየጊዜው ይለካል፤ የተገኘው ቁጥር በጊዜ ሎጋሪዝም ላይ ሲሳል ቀጥ ያለ መስመር ከሠራ ጉዳዩ ይኸው ነው፤ መስመሩንም ወደፊት ማራዘም ይቻላል።

አንድ ገደብ አለው። ይህ ስሌት የሚሠራው ፒቱ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። በእንግሊዝ ሆልም ፌን እ.ኤ.አ. በ1851 ሐይቁ ሲደርቅ፣ አንድ የብረት ምሰሶ ጫፉ ከመሬት እኩል ሆኖ ከፒቱ ሥር ባለው ሸክላ ላይ ተተከለ። ዛሬ ምሰሶው ከመሬት በላይ 4 ሜትር ያህል ቆሞ ይታያል። እዚያ ማንም ቤት አልጫነም፤ ውኃው ሲወጣ ፒቱ በራሱ ክብደት ተጨመቀ፣ ደረቀ፣ አየር ሲያገኝም በሰበሰ። ስለዚህ በረግረግ ላይ የተሠራ ቤት ባለቤት ጎረቤቱ የማፍሰሻ ቦይ ሲቆፍር ካየ፣ የራሱን ቤት ከፍታ ማስለካት የሚገባው ያኔ ነው።