አምስት የጥምር ቅርጽ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

ጥምር ቅርጽ የሚባለው ስፋቱ በአንድ ቀመር የማይገኝ፣ ግን ሬክታንግል፣ ጎነ ሦስት፣ ክብና ትራፒዚየም ወደመሳሰሉ የታወቁ ቅርጾች ሊከፈል የሚችል ምስል ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቀመሮቹን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃቸዋል። የሚቸገረው ቅርጹን የት ላይ እንደሚቆርጥና ያልተሰጠውን ልኬት ከተሰጡት እንዴት እንደሚያገኝ ነው። የሚከተሉት ጥያቄዎች እየከበዱ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው ግን አንድ አዲስ ችግር ብቻ ነው። ከትክክለኛው መልስ ጎን የተለመዱት የተሳሳቱ ቁጥሮችም ተሰጥተዋል፤ ደብተር የሚያርም መምህር ተማሪው የት ላይ እንደሳተ ከቁጥሩ ማወቅ ይችላል። ተማሪዎች መጀመሪያ ቅርጹን ስለው ልኬቶቹን ይጻፉበት፤ ለፓይም 22/7ን ይጠቀሙ።

ጥያቄ 1። የአንድ ሬክታንግል ግቢ ርዝመት 10 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር ነው። በአንዱ ጥግ ላይ በርዝመቱ በኩል 4 ሜትር፣ በወርዱ በኩል 3 ሜትር የሆነ ክፍል ተሠራበት። የቀረው ግቢ ስፋት ስንት ነው?

መልሱ 68 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ መንገድ መቀነስ ነው፦ 80 − 12 = 68። ሌላው መቁረጥ ነው፦ 10 × 5 = 50 እና 6 × 3 = 18፣ ድምራቸው 68። ሁለቱንም መንገድ የሠራ ተማሪ መልሱን ራሱ አረጋግጧል። 98 የጻፈ ተማሪ 10 × 5ን ከ6 × 8 ጋር ደምሯል፤ 6 በ5 የሆነውን ቦታ ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል ማለት ነው። ሙሉው ግቢ 80 ሆኖ ሳለ ከፊሉ 98 ሊሆን እንደማይችል ቢያስተውል ኖሮ ስህተቱን ራሱ ይደርስበት ነበር።

ጥያቄ 2። የአንድ ቤት የጎን ግድግዳ ከታች ወርዱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ሬክታንግል ነው፤ በላዩ እስከ ጣሪያው ጫፍ ጎነ ሦስት አለበት። ከመሬት እስከ ጫፉ 5 ሜትር ነው። የግድግዳው ስፋት ስንት ነው?

የጎነ ሦስቱ ቁመት 5 − 3 = 2 ሜትር ነው። ስለዚህ 24 + 8 = 32 ካሬ ሜትር። 44 ያገኘ ተማሪ 5ን የጎነ ሦስቱ ቁመት አድርጎታል።

ጥያቄ 3። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 14 ሜትር በሆነ የአትክልት ቦታ አንድ የ14 ሜትር ጎን ላይ ወደ ውጭ ግማሽ ክብ ተጨመረ። ጠቅላላ ስፋቱ ስንት ነው?

ሬዲየሱ 7 ሜትር ነው። የሙሉው ክብ ስፋት 154፣ የግማሹ 77 ነው፤ 280 + 77 = 357 ካሬ ሜትር። በግማሽ መክፈሉን የረሳ 434፣ ዲያሜትሩን እንደ ሬዲየስ የወሰደ 588፣ በስፋት ፈንታ የዙሪያውን ቀመር የተጠቀመ ደግሞ 302 ያገኛል። ቁጥሮቹን መቀየር የሚፈልግ መምህር ሬዲየሱን 2 እንዳያደርገው መጠንቀቅ አለበት። በ2 ላይ የክቡ ስፋትና ዙሪያ በቁጥር እኩል ስለሚሆኑ፣ ቀመር ያምታታ ተማሪ ትክክለኛ መልስ ጽፎ ያልፋል።

ጥያቄ 4። 30 ሜትር በ20 ሜትር በሆነ መናፈሻ ውስጥ ዳር ዳሩን በአራቱም ጎን 2 ሜትር ስፋት ያለው የእግር መንገድ ተሠራ። የመንገዱ ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው?

መንገዱ በሁለቱም ዳር ስላለ ከእያንዳንዱ ልኬት 4 ይቀነሳል፤ መሐሉ 26 በ16፣ ማለትም 416 ይሆናል። 600 − 416 = 184 ካሬ ሜትር። በአንድ ዳር ብቻ የቀነሰ ተማሪ 96 ያገኛል። መንገዱን ሁለት የ30 እና ሁለት የ20 ሜትር መስመሮች አድርጎ የደመረ 200 ይደርሳል፤ ትርፉ 16 ሁለቴ የተቆጠሩት አራት ጥጎች ናቸው።

ጥያቄ 5። አንድ እርሻ የትራፒዚየም ቅርጽ አለው። ትይዩ ጎኖቹ 24 እና 18 ሜትር ናቸው፤ አንዱ ጎን ለሁለቱም ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ያዘመመው ጎን 10 ሜትር ነው። በውስጡ ዲያሜትሩ 7 ሜትር የሆነ ክብ ኩሬ ተቆፈረ። ለዘር የቀረው መሬት ስንት ነው?

ይህ የፓይታጎራስን ሕግ ለተማሩ ብቻ ይሰጥ። ትይዩ ጎኖቹ በ6 ሜትር ስለሚለያዩ የቁመቱ ካሬ 100 − 36 = 64፣ ቁመቱም 8 ሜትር ነው። የእርሻው ስፋት (24 + 18) × 8 ÷ 2 = 168፣ የኩሬው 22/7 × 3.5 × 3.5 = 38.5 ነው። የሚቀረው 129.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። 171.5 የሚመጣው ያዘመመው ጎን ቁመት ተደርጎ ሲወሰድ፣ 14 የሚመጣው ደግሞ 7 እንደ ሬዲየስ ሲቆጠር ነው። ጥያቄው ከአምስት ነጥብ ቢታረም ሁለቱ ለቁመቱ፣ አንድ አንዱ ለትራፒዚየሙ፣ ለኩሬውና ለመቀነሱ ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን 171.5 የጻፈ ተማሪ የሚያጣው የቁመቱን ሁለት ነጥብ ብቻ ነው።